ሁለቱም 40,000 ታይተዋል፤ ታዲያ ገንዘቡ ለምን ዘጠኝ እጥፍ ተለያየ?

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ጓደኛዬ ትንሽ የዩቲዩብ ቻናል አላት። አንድ እሁድ ቡና እየጠጣን ስልኳን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «እስቲ ይሄን እየው፤ እነዚህ ሰዎች እየበሉኝ ነው» አለችኝ።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ቪዲዮዎች ነበሩ። አንደኛው አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ቤት እንዴት እንደሚገዛ የምታስረዳበት ነው። 14 ደቂቃ ይረዝማል፣ የተለቀቀው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለተኛው ለገና አዲስ አበባ ሄዳ ሾላ ገበያ ውስጥ የዶሮና የእንቁላል ዋጋ እየጠየቀች የቀረጸችው ነው። 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ የተለቀቀው በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት። ሁለቱም በየወራቸው ወደ 40,000 ጊዜ ታይተዋል። የቤቱ ቪዲዮ 178 ዶላር አስገብቷል። የሾላው 20 ዶላር።

እሷን ያናደዳት ደግሞ ሾላ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ መቆሟ ነው። የቤቱን ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ ብላ ነው የቀረጸችው።

ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ እንጂ አብረን ያደረግነው ምርመራ ይኸው ነው። በእርግጥ ማንም አልበላትም። ግን ያልተበላችው ለምን እንደሆነ ለማየት ገንዘቡን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መከተል ያስፈልጋል።

ባለቻናሎች የቻናላቸውን ቁጥር በሚያዩበት ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ `Revenue` የሚለውን ስትከፍቱ RPM የሚባል ቁጥር አለ። በሺህ ዕይታ ስንት ገባልኝ የሚለው እሱ ነው። አሰራሩ ቀላል ነው፦

```
RPM = ገቢ ÷ ዕይታ × 1000
```

የቤቱ ቪዲዮ 178 ለ40,000 ሲካፈል፣ በሺህ ሲባዛ፣ 4 ዶላር ከ45 ሳንቲም ይመጣል። የሾላው 50 ሳንቲም። እዚህ ላይ ያለው «ገቢ» የዩቲዩብ ድርሻ ከተነሳ በኋላ ለእናንተ የቀረው ነው። በውስጡም የማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያ ላለማየት ለዩቲዩብ ከሚከፍሉት ከፕሪሚየም ከፋዮች የሚመጣው፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ ሰው የሚልከውና የአባልነት ክፍያም አለበት።

እንግዲህ RPM ውጤት ነው። ስንት እንደደረሳችሁ ይነግራችኋል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንደ ታሪፍ ሲያስበው ነው። «ዩቲዩብ ለሺህ ሰው ስንት ይከፍላል?» ብሎ መጠየቅ «ሚኒባስ ሙሉ ሰው ስንት ያስገባል?» እንደማለት ነው። ረዳቱን ብትጠይቁት መጀመሪያ ከመካከላቸው ስንቱ ከፈለ ይላችኋል። ቀጥሎ እስከ የት ሄዱ ይላል። ዋጋው ስንት የሆነበት መስመር ነው ሳይልም አይቀርም። መኪናው ሞልቶ ነበር የሚለው ብቻ ሂሳብ አይዘጋም።

ዩቲዩብም እንደዚያው ነው። አስተዋዋቂው የሚገዛው ዕይታን ሳይሆን ማስታወቂያው ስንት ጊዜ እንደታየ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። ከ40,000ው ዕይታ ስንቱ ላይ ማስታወቂያ ወጣ? በወጣበት ላይ በአማካይ ስንት ማስታወቂያ ወጣ? ለአንድ ሺህ ማስታወቂያስ ስንት ተከፈለ?

ሦስቱም ስቱዲዮ ውስጥ አሉ። `Advanced mode` ውስጥ ገብታችሁ ቪዲዮውን ምረጡና `Estimated monetized playbacks`፣ `Ad impressions` እና `CPM` የሚሉትን ጨምሩ። የመጀመሪያው ቢያንስ አንድ ማስታወቂያ የወጣበትን ዕይታ ይቆጥራል። ሁለተኛው የማስታወቂያዎቹን ጠቅላላ ብዛት። CPM ደግሞ አስተዋዋቂዎች ለሺህ ማስታወቂያ የከፈሉት ነው፤ ያውም የዩቲዩብ ድርሻ ሳይነሳ።

የጓደኛዬን ከፈትን። የቤቱ ቪዲዮ ማስታወቂያ የወጣባቸው ዕይታዎች 22,000፣ ማስታወቂያዎቹ 33,000፣ CPM 9 ዶላር። የሾላው 10,000 ዕይታ፣ 11,000 ማስታወቂያ፣ CPM 3 ዶላር። ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ ለቻናሉ የሚደርሰው 55 በመቶ ነው። እንግዲህ፦

```
የቤቱ፦   33000 × 9 ÷ 1000 × 0.55 = 163.35
የሾላው፦ 11000 × 3 ÷ 1000 × 0.55 = 18.15
```

በቤቱ ላይ ወደ 15 ዶላር፣ በሾላው ላይ ወደ 2 ዶላር ከፕሪሚየም ተጨመረና 178 እና 20 ሞላ። የጠፋ ሳንቲም የለም።

ጓደኛዬ ግን ስታሰላ የነበረው በሌላ መንገድ ነው። CPM 9 ዶላር የሚለውን አየችና በ40 አባዛችው። 360 ዶላር መጣላት። ከዚያ 178ቱን ስታይ ግማሹ የት ገባ አለች። እዚህ ውስጥ ሁለት ስህተት ተደራርቧል። አንደኛ፣ CPM የሚባዛው በዕይታው ሳይሆን በማስታወቂያው ብዛት ነው። ሁለተኛ፣ CPM ከድርሻ በፊት ያለ ቁጥር ነው። ግማሹ ተበላ የሚል ሰው ስትሰሙ ብዙውን ጊዜ CPMና RPM ተምታተውበት ነው።

አሁን ወደ ዘጠኝ እጥፉ እንመለስ። የማስታወቂያው ገቢ 163 እና 18 ነው፣ ልክ ዘጠኝ እጥፍ። ማስታወቂያዎቹ 33,000 እና 11,000 ናቸው፣ ሦስት እጥፍ። ዋጋው 9 እና 3 ነው፣ እሱም ሦስት እጥፍ። ሦስት በሦስት ዘጠኝ። ይሄ ነገር እኔንም አስገርሞኛል። ከማየቴ በፊት ልዩነቱ በሙሉ የዋጋ ነው ብዬ ነበር፤ «የአሜሪካ ማስታወቂያ ውድ ነው» ብለን የምንዘጋው ወሬ አለ አይደል? እዚህ ቪዲዮ ላይ ግን የማስታወቂያው ቁጥር ልክ የዋጋውን ያህል ለውጥ አምጥቷል።

ቁጥሩን ለብቻው እንየው። በቤቱ ቪዲዮ ከመቶ ዕይታ 55ቱ ላይ ማስታወቂያ ወጥቷል። በሾላው 25ቱ ላይ ብቻ። አንድ ዕይታ ያለ ማስታወቂያ የሚያልፍበት ምክንያት ብዙ ነው። ተመልካቹ ማስታወቂያ የሚያግድ ፕሮግራም ጭኖ ይሆናል። ቅድም ሌላ ቪዲዮ ላይ ማስታወቂያ አይቶ ስለነበር ዩቲዩብ ለጊዜው ትቶት ይሆናል። ፕሪሚየም ከፋይ ከሆነም ማስታወቂያ አያይም፤ እሱ ግን በሌላ በኩል ይከፍላል። ከሁሉም በላይ ግን ለዚያ ተመልካች፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አገር ገንዘብ ያቀረበ አስተዋዋቂ ላይኖር ይችላል። ማስታወቂያ በጨረታ ነው የሚሸጠው። ተጫራች ከሌለ ቪዲዮው ባዶውን ይከፈታል፣ ዕይታው ግን ይቆጠራል። የሾላው ተመልካች አብዛኛው አገር ቤት ነው፤ 75ቱ ባዶ የቀሩት በዋናነት ለዚህ ነው።

ይሄ ቁጥር ከወትሮው በድንገት ወርዶ ካያችሁት ግን አገር ሳትጠረጥሩ በፊት ቪዲዮው አጠገብ ያለችውን የዶላር ምልክት እዩ። ቢጫ ከሆነች ዩቲዩብ ይዘቱን ለብዙ አስተዋዋቂዎች አይመችም ብሎታል ማለት ነው። ለልጆች የተሰራ ተብሎ የተመዘገበ ቪዲዮም ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በተመልካቹ ፍላጎት የተመረጠ ማስታወቂያ አይወጣበትም፤ ዋጋውም ብዛቱም ይወርዳል። ሌላው ደግሞ ሙዚቃ ነው። ገበያ ውስጥ ከሱቅ የሚሰማ ዘፈን ተቀርጾ ከገባ የዘፈኑ ባለመብት ቪዲዮውን ሊይዘውና ገቢውን ሊወስደው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ማስታወቂያው ይወጣል፣ ገንዘቡ ግን ለእናንተ አይደርስም። ጓደኛዬ ሾላ ላይ ዘፈን የሚጮህበትን ቦታ ቆርጣ ስላወጣችው ከዚህ ተርፋለች።

ቀጥሎ በአንድ ዕይታ ላይ የወጣው ማስታወቂያ። የቤቱ በአማካይ 1.5፣ የሾላው 1.1 ነው። መልሱ ያለው ርዝመቱ ላይ ነው። ዩቲዩብ መሃል ላይ ማስታወቂያ እንዲገባ የሚፈቅደው ቪዲዮው 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ 10 ደቂቃ ነበር፤ ያኔ ቪዲዮው ሁሉ 10 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ የሆነው ለዚህ ነበር። የሾላው 6 ደቂቃ ከ40 ስለሆነ መሃሉ ላይ ምንም አይገባበትም። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው በስተቀር።

«እንግዲያው ሾላን 8 ደቂቃ ባደርገውስ?» አለች። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን መልሱን የሚሰጠው ሰው እስከ የት ያያል የሚለው ነው። የቤቱን ቪዲዮ የመቆየት ግራፍ ከፈትን። መሃል ላይ ሦስት ማስታወቂያ አስገብታ ነበር፣ 4ኛው፣ 9ኛውና 12ኛው ደቂቃ ላይ። ግራፉ 4ኛው ደቂቃ ላይ ከመቶ ተመልካች 52 ገደማ ያሳያል። 9ኛው ላይ 27። 12ኛው ላይ 15። ስለዚህ ሦስት ማስታወቂያ አስገባሁ ማለት ሦስት ማስታወቂያ ታየ ማለት አይደለም። 12ኛው ላይ ያለውን የሚያገኘው ከሰባት ሰው አንድ ነው፤ ለእሱም ተጫራች ከተገኘ ነው። ሾላን በትርፍ ወሬ ጎትታ 8 ደቂቃ ብታደርሰው፣ ሰዉ 5ኛው ላይ ከወጣ፣ 7ኛው ላይ የምታስገባው ማስታወቂያ ለማን ነው? ይባስ ብሎ ሰው ቶሎ የሚወጣበትን ቪዲዮ ዩቲዩብም ለሌላ ሰው ማቅረብ ይቀንሳል።

አሁን ዋጋው። 9 እና 3 ለምን ሆነ? እዚህ አገርና ርዕስ ተቀላቅለው ስለሚመጡ መለየት አለባቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ቪዲዮውን መርጣችሁ `Geography` የሚለውን ብትጫኑ ዕይታውንና ገቢውን በአገር ይከፍልላችኋል። የጓደኛዬ እንዲህ ወጣ። የቤቱ ቪዲዮ፦ ከአሜሪካ 24,000 ዕይታ 150 ዶላር፣ ከአውሮፓና ካናዳ 6,000 ዕይታ 21 ዶላር፣ ከቀረው ዓለም 10,000 ዕይታ 7 ዶላር። የሾላው፦ ከአሜሪካ 4,000 ዕይታ 12 ዶላር፣ ከአረብ አገር 4,000 ዕይታ 4 ዶላር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከቀረው 32,000 ዕይታ 4 ዶላር።

የመጨረሻዋን መስመር ደግማችሁ አንብቧት። ከሾላ ቪዲዮ ተመልካች 80 በመቶው ያስገባው ከ20 ዶላሩ አራቱን ነው። ሲሰላ በሺህ 12 ሳንቲም ተኩል። ከአሜሪካ የመጡት አንድ አስረኛ ተመልካቾች ደግሞ ከግማሽ በላይ አስገብተዋል። ይሄ ስለተመልካቹ ዋጋ የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው በጎግል በኩል ዶላር ከፍሎ ያንን ሰው ለማግኘት የሚሻማ ድርጅት ስንት እንደሆነ ነው። አገር ቤት ያሉ ነጋዴዎች ማስታወቂያ የሚያሰሩት ብዙውን ጊዜ ባለቻናሉን ቀጥታ አነጋግረው፣ ቪዲዮው ውስጥ እንዲያነብላቸው አድርገው ነው። ያ ገንዘብ በዩቲዩብ በኩል ስለማያልፍ RPM ውስጥ ፈጽሞ አይታይም። ስለዚህ 50 ሳንቲም RPM ያለው ቻናል ከ4 ዶላሩ ቻናል የበለጠ እያተረፈ ሊሆን ይችላል።

አገሩን እኩል አድርገን ርዕሱን ብቻ ማየት ደግሞ አሁን ይቻላል። አሜሪካ ያሉትን ብቻ እንውሰድ። በቤቱ ቪዲዮ 150 ዶላር ለ24,000፣ በሺህ 6 ዶላር ከ25። በሾላው 12 ዶላር ለ4,000፣ በሺህ 3 ዶላር። ያው የአሜሪካ ሰው ነው፣ ያው አማርኛ ተናጋሪ ነው፣ ግን እጥፍ ልዩነት አለ። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው መሃል ላይ የገባው ማስታወቂያ ነው። ቀሪው ቤት ለመግዛት የሚያስብን ሰው አበዳሪ ባንክም፣ የቤት ኢንሹራንስም፣ የቤት ሻጭ ወኪልም ስለሚፈልገው ነው። አንድ ደንበኛ ቢያገኙ ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚያስገኝላቸው ለአንድ ማስታወቂያ ብዙ ቢያወጡ አይከፋቸውም። የዶሮ ዋጋ የሚያይ ሰው ላይ ግን ለምንም ነገር የሚሆን ተራ ማስታወቂያ ነው የሚወጣው።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ያየነው ቡናው ሦስተኛ ከደረሰ በኋላ ነው። ወሩ። አስተዋዋቂዎች የዓመቱን በጀታቸውን አብዝተው የሚያፈሱት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት፣ ለገና ሽያጭ ነው። ጃንዋሪ ሲገባ በጀቱ አዲስ ነው፣ ሽሚያው ይበርዳል፣ ዋጋው ይወድቃል። የቤቱ ቪዲዮ ዕይታውን የሰበሰበው ኖቬምበር ውስጥ ነው፣ ጥሩው ጊዜ ላይ። የሾላው ደግሞ ለኛ ገና ነው የተለቀቀው። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። እነሱ ዛፉን አፍርሰው፣ ገንዘባቸውን ጨርሰው ሲያበቁ እኛ ዶሮ ልንገዛ እንወጣለን! ለአማርኛ ቻናል ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የገና ቪዲዮዎቻችን ብዙ ሰው የሚያያቸው ማስታወቂያ በሚረክስበት ሳምንት ነው።

ስለዚህ ሁለት ቪዲዮ ስታነጻጽሩ ቀኑን አንድ አድርጉ። እኛም ሁለቱንም በፌብሯሪ ብቻ ከፍተን አየን። የቤቱ ቪዲዮ ከአሜሪካ በሺህ ወደ 4 ዶላር ከ60 ወርዷል። ይኸው ቪዲዮ ነው፣ ያው ርዝመት፣ ያው ርዕስ፣ ያው አገር። ወሩ ብቻ ተቀየረ።

ቻናሉን በጅምላ ስታዩ ሌላ የሚያምታታ ነገር ሾርትስ የሚባሉት አጫጭር ቪዲዮዎች ናቸው። ሾርትስ ላይ አከፋፈሉ የተለየ ነው፤ የማስታወቂያው ገንዘብ በአንድ ቋት ተሰብስቦ እንደ ዕይታ ከተደለደለ በኋላ ባለቻናሉ ከተመደበለት 45 በመቶውን ያገኛል። ከዚህም ሌላ ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ሾርትስ መጫወት እንደጀመረ ዕይታ ተብሎ ይቆጠራል፤ ክፍያው ግን ሰው በእርግጥ ቆም ብሎ ባየው ላይ ነው የሚሰላው። ስለዚህ ገቢውን በጠቅላላው ዕይታ ብታካፍሉት አካፋዩ አብጦ፣ ተካፋዩ እንዳለ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። አንድ ሾርትስ ሲፈነዳላችሁ የቻናሉ RPM ቢያሽቆለቁል ረጅም ቪዲዮዎቻችሁ ምንም አልሆኑም። ለይታችሁ እዩት።

ይሄን ሁሉ ካየች በኋላ ጓደኛዬ የጠየቀችው ለሚቀጥለው ቪዲዮ ነው። አሜሪካ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ስለማውጣት ልትሰራ ነበር። «ስንት ይገባኛል?»

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የቻናሉን አማካይ RPM ወስዶ በሚጠብቀው ዕይታ ያባዛል። የእሷ የሁለቱ ቪዲዮ አማካይ 2 ዶላር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነው። ግን እንዲህ ያለ RPM ያስገባ ቪዲዮ ቻናሏ ላይ የለም። አንዱ ከዚያ በእጅጉ በላይ ነው፣ አንዱ በእጅጉ በታች። እንጀራና ወጡን ለየብቻ መመዘን ይሻላል። ዕይታውን ከየት እንደሚመጣ ከፋፍሉት፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ከዚህ በፊት በሚመስለው ቪዲዮ ላይ የታየውን RPM ስጡት፣ ከዚያ ደምሩ።

መንጃ ፈቃዱን እንዲህ አሰላነው። 30,000 ዕይታ ይጠበቃል እንበል። ጥሩ ከሆነ ሁለት ሦስተኛው ከአሜሪካ ይመጣል፤ ርዕሱ እዚህ ላለ ሰው ነውና። 20,000 በ5 ዶላር 100፣ የቀረው 10,000 በ70 ሳንቲም 7፣ ድምሩ 107 ዶላር። ደከም ካለ ደግሞ ግማሹ ብቻ ከአሜሪካ ይመጣል። 15,000 በ4 ዶላር 60፣ ሌላው 15,000 በ30 ሳንቲም 4 ዶላር ከ50፣ ድምሩ ወደ 65። መልሱ እንግዲህ ከ65 እስከ 107 ነው። አንድ ቁጥር የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።

በዚህ ስሌት ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ጥቂት መቶ ዕይታ ብቻ ያለውን አገር RPM አትመኑት። ከኖርዌይ 200 ሰው አይቶ RPM 11 ዶላር ቢል፣ ያ ሁለት ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ 3 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቀኑ ነው። ዕይታው በሰዓታት ውስጥ ይታያል፣ ገቢው ግን ሁለት ቀን ገደማ ይዘገያል። ቪዲዮ በለቀቃችሁ ማግስት የዛሬን ዕይታ በዛሬ ገቢ ብታካፍሉ RPM የሞተ ይመስላል። ሳምንት ጠብቁ። ያም ቢሆን ስቱዲዮ ላይ የምታዩት ግምት ነው። የተጣራው የወሩ ሂሳብ የሚቀመጠው በተከታዩ ወር ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ጎግል ክፍያውን በሚፈጽምበት አድሴንስ ውስጥ ነው፣ የሐሰት ጠቅታዎች ተነስተው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ብታገኙት አትደንግጡ።

ግብሩስ? ጓደኛዬ አሜሪካ ስለምትኖር ግብሯን ራሷ ነው የምታስታውቀው። ከአሜሪካ ውጭ ላለ ባለቻናል ግን ጎግል ከአሜሪካ ተመልካች በመጣው ገቢ ላይ ከክፍያ በፊት ግብር ይቆርጣል። አገሩ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ከሌለው 30 በመቶ ነው። ኢትዮጵያም ሆነች ኤምሬትስና ሳዑዲ እንዲህ ያለ ስምምነት የላቸውም። የቤቱን ቪዲዮ ዱባይ ያለች ሴት ሰርታው ቢሆን ከ150ው የአሜሪካ ዶላር 45ቱ ይነሳና 178ቱ 133 ይሆናል። ስቱዲዮ ላይ RPM አሁንም 4.45 ይላታል፣ እጇ የሚገባው ግን በሺህ 3 ዶላር ከ33 ነው። የግብር ቅጹን ጭራሽ ካልሞላች ደግሞ አቆራረጡ ይለያል፤ ከአሜሪካ ብቻ ሳይሆን ከመላው ዓለም ከመጣው ገቢዋ ላይ እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥባት ይችላል።

የመንጃ ፈቃዱ ቪዲዮ ወጣ። በወሩ መጨረሻ ጓደኛዬ ደወለች፣ ደስ ብሏታል። 34,000 ዕይታ፣ ከገመትነው 4,000 በላይ። «ገንዘቡስ?» አልኳት። 73 ዶላር። ዕይታው ከግምታችን በልጦ ገንዘቡ ወደ ታችኛው ጫፍ ተጠጋ። `Geography` ክፈቺ አልኳት። ከአሜሪካ 14,000 ዕይታ 63 ዶላር፣ ከቀረው 20,000 ዕይታ 10 ዶላር። አገር ቤት ያሉ፣ ዲቪ የደረሳቸውና ጉዞ የሚጠብቁ ሰዎች ቪዲዮውን እየተቀባበሉ አይተውታል፤ ኮሜንቱም በእነሱ ጥያቄ ሞልቷል። የአሜሪካው RPM 4 ዶላር ከ50 ነው፣ ከገመትነው መሃል። የሳትነው ማን እንደሚያየው ነው።